27 ሺህ ሰው፣ አንድ ዝርዝር፦ ሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ ደመወዝ የከፈለችበት መንገድ

ቀኑ ኖቬምበር 25፣ 2014 ነው፤ በእኛ ኅዳር 2007። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በምሥራቅ ሴራሊዮን፣ ኬኔማ በምትባል ከተማ፣ የቀብር ሠራተኞች የ15 ሰዎችን አስከሬን አምጥተው ሆስፒታሉ አካባቢ ሜዳ ላይ ተዉት። አንዱን ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደጃፍ፣ ሁለቱን ከሆስፒታሉ መግቢያ ላይ። የኢቦላ ሬሳ ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላም አካሉ በሽታውን ያስተላልፋል፤ እንዲያውም በጣም የሚያሠጋው ያኔ ነው።

ሠራተኞቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። ለሰባት ሳምንት ያልተከፈላቸውን የአደጋ አበል። ከዋና ከተማዋ ከፍሪታውን የመጣው መልስ ገንዘቡ ወደ ታች ወርዷል የሚል ነበር። እነሱ ጋ ግን አልደረሰም። ሬሳውን የጣሉት ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ።

ከዚያ በፊት በዚያው ወር፣ በደቡብ በኩል ቦ ከተማ አጠገብ ባለው የባንዳጁማ ሕክምና ማዕከል ከ400 በላይ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ምክንያቱ ያው ነው፤ ቃል የተገባላቸው በሳምንት 100 ዶላር ገደማ አበል አልመጣም። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ በአማካይ በወር ስምንት ያህል አድማ ይመታ ነበር። ወረርሽኝ መሀል ነርስ፣ ቀባሪና የአምቡላንስ ሹፌር ሥራ ሲያቆም ምን እንደሚከተል ማንም ያውቀዋል።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለ ኢቦላ ለማውራት አይደለም። ስለ ፔሮል ለማውራት ነው። ያቺ አገር ከዚያ በኋላ ከ27 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ሠራተኞች በሞባይል ገንዘብ ወደ መክፈል ገባች። ለብዙ ሰው በጅምላ፣ ከአንድ ሒሳብ፣ በአንድ ዝርዝር። አድማው ቆመ። እንዴት እንደሆነ በቅርብ ሲታይ ግን የሚያስገርመው ቴክኖሎጂው አይደለም።

ጥሬ ገንዘቡ

በመጀመሪያ ስለ ብሩ ብዛት። የሴራሊዮን ገንዘብ ሊዮን ይባላል። በዚያ ጊዜ ትልቁ ኖት 10 ሺህ ሊዮን ሲሆን፣ ዋጋው ከሁለት ዶላር እምብዛም አይበልጥም ነበር። (በ2022 ሦስት ዜሮ ተቆርጦለታል።) ከሁሉም በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ሠራተኛ የሳምንት አበሉ 500 ሺህ ሊዮን ገደማ ነበር። ይህ በትልቁ ኖት 50 ቅጠል ነው።

እንግዲህ ቁጭ ብለን እናስላው። 10 ሺህ ሰው በሳምንት 500 ሺህ ሊዮን ይቀበላል እንበል። አምስት ቢሊዮን ሊዮን ነው። በትልቁ ኖት ግማሽ ሚሊዮን ቅጠል። አንዱ ቅጠል አንድ ግራም ገደማ ይመዝናል ብንል፣ ግማሽ ቶን ወረቀት። ይህን በየሳምንቱ ቆጥሮ፣ አስሮ፣ መኪና ላይ ጭኖ፣ ፖሊስ አሳጅቦ እስከ ካይላሁን ማድረስ ያስፈልጋል። ካይላሁን ጊኒና ላይቤሪያ ድንበር ጥግ ላይ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱ ወረዳ ኳራንታይን ውስጥ ነው።

ገንዘቡ ሲደርስ ደግሞ ሰልፍ አለ። መንግሥት ሕዝቡን አትጨባበጡ፣ አትነካኩ እያለ ቀን ከሌት ይለፍፋል። የሚከፈለው ሠራተኛ ግን ከሬሳ ሥራ ተነስቶ መቶ ሰው መሀል ተጋፍቶ ይቆማል። ያው የብዙ እጅ የነካውን ኖት ይቀበላል። ከሩቅ ያለው ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ወደ ወረዳው ከተማ ይጓዛል፤ ትራንስፖርቱ ከኪሱ ነው። ያ ቀን ሥራ የለም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ፊርማው ነው። እኛም አገር ፔሮል ላይ ፈርሞ መቀበልን እናውቀዋለን። ፊርማ የሚያሳየው አንድ ሰው መፈረሙን ነው። ማን እንደፈረመ፣ ስንት እንደተቀበለ፣ ሰውየው በእርግጥ መኖሩን አያሳይም። ገንዘብ ያዡ ከ50 ቅጠል ላይ ሦስቱን ለመኪናው ነዳጅ ብሎ ቢያስቀር ወረቀቱ ላይ 50 ነው የሚለው። የሴራሊዮን የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2015 መጀመሪያ ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ ዓይነት ጉድ ነው የዘረገፈው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ለኢቦላ ከወጣው ገንዘብ ሲሶ ገደማው በቂ ሰነድ አልተገኘለትም።

ዝርዝሩ

ብዙ ሰው የጅምላ ክፍያ ሲባል መላኩ ላይ ያተኩራል። መላኩ ቀላሉ ነው። ሥርዓቱ የሚከፍለው ዝርዝሩ ላይ ላለው ስልክ ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሠራተኛ ካለ፣ እሱ የለም። ዝርዝሩ ውስጥ በእውን የሌለ ሠራተኛ ካለ፣ እሱ አለ። በጥሬ ገንዘብ ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰው መጥቶ መፈረም ነበረበት። በጅምላ ክፍያ ግን የተበላሸ ዝርዝር በፍጥነት ይከፈላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

በሴራሊዮን የኢቦላ ዘመቻ ማን ይሠራ ነበር? ነርሶችና ሐኪሞች ነበሩ፤ እነሱ ቀድሞም የመንግሥት ፔሮል ላይ አሉ። ከእነሱ የሚበዙት ግን ትናንት የተቀጠሩ ናቸው። ቀባሪዎች፣ ጽዳቶች፣ የአምቡላንስ ሹፌሮች፣ ከበሽተኛ ጋር የተገናኘውን ሰው ቤት ለቤት የሚከታተሉ ወጣቶች፣ የፍተሻ ኬላ ላይ ሙቀት የሚለኩ። ዛሬ ኬኔማ፣ በሚቀጥለው ወር ፖርት ሎኮ። ሁሉንም የሚያዳርስ አስተማማኝ መታወቂያ የለም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ደግሞ በየመንደሩ ሞልተዋል። ካማራ፣ ሴሳይ፣ ኮሮማ የሚባል ሰው በየቤቱ ነው።

ታዲያ አንድ ሰው ከሁለት ቦታ፣ በሁለት ስም ቢመዘገብ በምን ይታወቃል? በስም አይታወቅም። በስልክም አይታወቅም፤ አንድ ሰው ሁለት ሲም ሊይዝ ይችላል። የመረጡት መንገድ ፊት ነበር። ሠራተኛው ሲመዘገብ ፎቶ ይነሳል። ስሙ፣ የሥራ ዓይነቱ፣ የሥራ ቦታውና ስልክ ቁጥሩ ከፎቶው ጋር ይገባል። ከዚያ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፎቶ ከሌሎቹ ጋር ያመሳክራል። የሚመሳሰሉትን አውጥቶ ያሳያል። ይህን የሠራው ፍሪታውን ያለ አይዲቲ ላብስ የሚባል የአገሬው ኩባንያ ነው። ፕሮግራሙን በበላይነት ያስተባበረው ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነበር።

ፊት የሚለየው ሶፍትዌር ዳኛ አይደለም። መንትዮች አሉ። በደብዛዛ ብርሃን የተነሳ ፎቶ አለ። ስለዚህ ማሽኑ ጥርጣሬ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ውሳኔው የሰው ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ስንት ጥንድ ፎቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ሲሰላ ነው። 27 ሺህ ፎቶ እርስ በርስ ሲጣመር ከ360 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ነው። ይህን ዓይን አይችለውም። ማሽን አጥልሎ ጥቂት መቶ ቢያስቀር ግን ሰው ይችለዋል።

ፊት የማይፈታው ሌላ ጥያቄ አለ። ሰውየው አንድ ነው፣ እውነተኛ ነው፤ ግን በዚህ ሳምንት ሠርቷል ወይ? ይህን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው። ስለዚህ በየክፍያ ዙሩ ከየሕክምና ማዕከሉና ከየወረዳው የሥራ ቀን መቆጣጠሪያ መምጣት አለበት። ዝርዝሩ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። የሚጀምር አለ፣ የሚለቅ አለ፣ የሚዛወር አለ፣ የሚሞትም አለ። በዚያ ወረርሽኝ የሞተ የጤና ሠራተኛ ብዙ ነበር።

ባቹ

አሁን ወደ መላኩ እንምጣ። የሞባይል ገንዘብ የጅምላ ክፍያ በየትም አገር አሠራሩ ይመሳሰላል። ፍሪታውን በዚያ ጊዜ በኤርቴል መኒና በስፕላሽ ቢሆን፣ ናይሮቢ በኤምፔሳ ቢሆን፣ አዲስ አበባ በቴሌብር ቢሆን አጥንቱ ያው ነው።

አሠሪው ለድርጅት የሚከፈት ሒሳብ ያወጣል። ይህ እንደ ግለሰብ ዋሌት አይደለም፤ ወደ ብዙ ሰው ገንዘብ ለመበተን የተሠራ ነው። መጀመሪያ ከባንክ ገንዘብ ይገባበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥርዓቱ ዱቤ አያውቅም። ሒሳቡ ውስጥ ያለው ከዝርዝሩ ድምር ካነሰ ወይ ሙሉ ባቹ፣ ማለትም በአንዴ የሚላከው የክፍያ ጥቅል፣ ውድቅ ይሆናል፣ ወይ ከላይ ያሉት ተከፍሏቸው ከታች ያሉት ይቀራሉ። የቱ እንደሚሆን እንደ ኩባንያው ይለያያል። ሁለተኛው ሲያጋጥም በስም ፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ላይ መጨረሻ ያሉት ሁልጊዜ ተጎጂ ናቸው። የባንኩ ዝውውር አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ደመወዝ ዓርብ ከሆነ ገንዘቡ ረቡዕ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ፋይሉ ነው። ለማሳያ ያህል የራሴን ልሥራ። ኬኔማ ያሉ 400 ቀባሪዎችን በ48ኛው ሳምንት እንከፍላለን እንበል። ለሁሉም 500 ሺህ ሊዮን ነው፤ ድምሩ 200 ሚሊዮን ሊዮን። ፋይሉ ይህን ይመስላል፦

```
ref,msisdn,name,amount
KEN-W48-0001,23276xxxx01,A.K.,500000
KEN-W48-0002,23276xxxx02,M.S.,500000
KEN-W48-0003,23276xxxx03,F.B.,500000
```

`msisdn` የሚለው የአገር ኮድ ያለበት ሙሉ ስልክ ቁጥር ነው። `ref` የእያንዳንዷ ክፍያ መለያ ነው፤ ስለ እሱ እመለሳለሁ።

ይህን ፋይል ኤክሴል የነካ ሰው ጣጣውን ያውቃል። በ0 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ከገባ ኤክሴል ዜሮውን ይበላዋል። 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ደግሞ፣ የእኛ 251 ያለበት ስልክ በትክክል 12 አሃዝ ነው፣ `2.51911E+11` ሆኖ ይታያል። በዚያው ሁኔታ ወደ `csv` ከተቀመጠ ቁጥሩ ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት አምዱን `Text` ማድረግ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የመጀመሪያ ወር ላይ የሚከሽፍ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ፋይሉ ከገባ በኋላ ሥርዓቱ ይመረምረዋል። ቁጥሩ አለ? ዋሌቱ ተከፍቷል? ታግዷል? የሚገባው ገንዘብ ከሒሳቡ ጣራ ያልፋል? መታወቂያ በደንብ ያልቀረበበት ዋሌት ዝቅተኛ ጣራ አለው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ውዝፍ በአንዴ ሲላክ ያንን ይነካል። ይህን የሚያውቅ ከፋይ ውዝፉን ከፋፍሎ ይልካል።

ከምርመራው ሁሉ ደስ የሚለኝ የስም ማመሳከሪያው ነው። ኩባንያው ዋሌቱ በማን ስም እንደተከፈተ ያውቃል። እሱን ከፋይሉ ስም ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ደመወዙ ለማያውቁት ሰው እንዳይሄድ የሚከለክለው ይህ ነው። ግን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አይታመንም። አንዱ ሞሐመድ በዚያ በምዕራብ አፍሪካ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የእኛው ጸጋዬም `Tsegaye`፣ `Tsegaie`፣ `Segaye` እየሆነ ይመጣል። ማመሳከሪያው በጣም ከጠበቀ ትክክለኛውን ሰው ይጥላል፤ በጣም ከላላ ስህተቱን ያሳልፋል። ስለዚህ የማይገጥሙትን ለብቻ አውጥቶ በስልክ ደውሎ ማጣራት ነው ያለው። አሰልቺ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሰው ይመጣል። የመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ፔሮል ግርጌ ላይ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚሉትን ሦስት መስመሮች ያስታውሳል። እዚህም ያው ነው። ፋይሉን ያስገባው ሰው ራሱ ሊለቀው አይችልም። ሌላ ሰው በራሱ ይለፍ ቃል ገብቶ፣ የሰው ብዛትና ጠቅላላ ድምር አይቶ ያጸድቃል። 400 ሰው፣ 200 ሚሊዮን። ከወረቀቱ ጋር ገጠመ? ይለቃል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቢሮ ተቀምጠው ይለፍ ቃል ከተለዋወጡ ግን ጥበቃው ቀረ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ላይ፣ አለቃው መስክ ሲወጣ፣ በጣም የተለመደ ነገር ነው።

ከተለቀቀ በኋላ 400 ክፍያ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መልእክት ይደርሰዋል፦ ይህን ያህል ገብቶልሃል። አሠሪው ደግሞ የውጤት ፋይል ይመጣለታል። የእኔን ማሳያ ልቀጥል፤ 388ቱ ተከፈሉ። 7ቱ ተመለሱ። 5ቱ ደግሞ አልተለዩም።

388ቱ ላይ የሚሠራ ነገር የለም። 194 ሚሊዮን ሊዮን ወጣ። የተመለሱት 7 ክፍያዎች ምክንያታቸው አብሮ ይመጣል፤ ዋሌት የለም፣ ቁጥሩ የተሳሳተ ነው፣ ጣራው ሞልቷል። 3.5 ሚሊዮን ሊዮኑ ከድርጅቱ ሒሳብ አልወጣም። ተስተካክለው እነሱ ብቻ በሌላ ባች ይላካሉ። እነሱ ብቻ። ሙሉውን ፋይል አስተካክሎ እንደገና ማስገባት 388 ሰው ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ዋናው አደጋ ያለው 5ቱ ላይ ነው። ኔትወርክ መሀል ላይ ተቋረጠ። ትእዛዙ ሄዷል፤ መልሱ አልመጣም። ተከፍለው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሠራተኛው ደውሎ አልደረሰኝም ይላል። ልቡ የራራ ገንዘብ ያዥ ወዲያው ደግሞ ይልካል። በማግሥቱ የመጀመሪያው ክፍያም ገብቶ ይገኛል። አሁን ከሠራተኛው ገንዘብ ማስመለስ ሊጀመር ነው፤ እሱ ደግሞ ትናንት አውጥቶ ሩዝ ገዝቶበታል።

`ref` የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። `KEN-W48-0217` የሚለው መለያ ለአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ክፍያ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ሥርዓት ያው መለያ ዳግም ሲመጣለት ይህን አውቀዋለሁ ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ ድጋሚ ሲላክ መለያው መቀየር የለበትም። አዲስ መለያ ከተሰጠው አዲስ ክፍያ ነው። ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅ ይቀድማል፤ በዚያ መለያ ምን ሆነ ብሎ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ። ከዚያ ሒሳቡ ይዘጋል። የወጣውና ሒሳቡ ላይ የቀረው ሲደመር ከገባው 200 ሚሊዮን አንድ ሊዮን እንኳ መጉደል የለበትም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ የማውጫ ክፍያው። 500 ሺህ የተላከለት ሰው ወኪል ጋ ሲያወጣ ይቆረጥበታል። እጁ ላይ 500 ሺህ አይገባም። በኮንትራቱ የተጻፈው 500 ሺህ ከሆነ አሠሪው የማውጫውን ጨምሮ መላክ አለበት። ካልሆነ ሠራተኛው የተሰረቀ ይመስለዋል። ቁጥሩን በወረቀት ስታየው ትንሽ ነው፤ ሰዉን ግን ያስቆጣል።

ምን ተለወጠ

ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በሴራሊዮን ክፍያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በአማካይ ከአንድ ወር በላይ ከነበረበት ወደ አንድ ሳምንት ወረደ። በወር ስምንት ገደማ የነበረው የክፍያ አድማ ወደ ዜሮ ወረደ። በኋላ በጉዳዩ ላይ የተሠራው ጥናት የተጣራ ቁጠባውን 10.7 ሚሊዮን ዶላር አድርጎ ነው ያሰላው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ቦታ የሚከፈላቸውን በማስቀረት የተገኘው አለ፣ የገንዘብ ማጓጓዣና የጥበቃ ወጪ አለ፣ ሠራተኛው ገንዘቡን ለመውሰድ ያወጣ የነበረው ትራንስፖርትም አለ።

እኔ ከእነዚህ ሁሉ ለአድማው መቆም ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለአንድ ነገር ነው። በጥሬ ገንዘብ ጊዜ ፍሪታውን ልከናል ይላል፣ ኬኔማ አልደረሰንም ይላል፤ መሀል ላይ ያለውን ማንም አያይም። በሞባይል ክፍያ ግን መሀል የሚባለው ቦታ ጠበበ። ተላከ ወይስ አልተላከም የሚለው ሰዓትና ደቂቃ አለው። ያልተከፈለው ሰው ካለ በየትኛው ምክንያት እንዳልተከፈለ ይታወቃል፤ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ስልኩ ተሳስቷል፣ አለቃው መሥራቱን አላረጋገጠም። ለእያንዳንዱ መልስ የሚሰጥ የተለየ ሰው አለ።

ያልፈታው ነገርም አለ። ክፍያው የሚገባው ለሰውየው አይደለም፤ ለሲሙ ነው። በ2009 አፍጋኒስታን ውስጥ ፖሊሶች በኤምፓይሳ፣ በአገሩ የሞባይል ገንዘብ፣ ደመወዝ እንዲከፈላቸው ተሞክሮ ነበር። አንዳንዶቹ ደመወዝ የተጨመረላቸው መሰላቸው። አልተጨመረም፤ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ሙሉውን ያገኙት። ከላይ ያለው አለቃ በየወሩ ሲቆርጥ ኖሯል። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አንድ አዛዥ ግን የፖሊሶቹን ሲም ካርዶች ሰብስቦ ራሱ ሊቀበልላቸው ሞከረ። ገንዘብ ያዡን ከመሀል ስታወጣው በሌላ በር ለመግባት ይሞክራል።

እንዲህ ያለውን ከቢሮ ሆኖ ማየት ይቻላል። ደመወዝ በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሰው አንድ ወኪል ጋ፣ አከታትሎ፣ ሙሉውን ካወጣ ነገሩ ያጠራጥራል። ከሃያ ሰው ወደ አንድ ስልክ እኩል እኩል ገንዘብ ከተላለፈ ደግሞ ይበልጥ። ሁልጊዜ ሌብነት ነው ማለት አይደለም። ስልክ የሌላት የጽዳት ሠራተኛ በወንድሟ ቁጥር ተመዝግባ ሊሆን ይችላል። አንድ መንደር አንድ ወኪል ብቻ ሊኖረው ይችላል። ግን ሄዶ መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ጣጣ ወኪሉ ራሱ ነው። 400 ሰው በአንድ ጠዋት ሲከፈለው 400 ሰው በአንድ ጠዋት ያወጣል። በዋሌቱ አይገበይም፤ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው ሴት በስልክ አትቀበልም። ትንሽ ከተማ ያለ ወኪል መሳቢያው ውስጥ ሁለት ሦስት ሚሊዮን ሊዮን ቢኖረው ነው። ይህም ለአራት፣ ቢበዛ ለስድስት ሠራተኛ ይበቃል። ሰባተኛው ነገ ና ይባላል። ለእሱ ደመወዙ አልተከፈለም፤ ስልኩ ምንም ይበል ምን።

ስለዚህ ባቹን የሚለቀው ሰው ከወኪሎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር አለበት። ኬኔማ ሐሙስ 200 ሚሊዮን ይገባል፣ ወደዚያ ጥሬ ገንዘብ ይውጣ ይላል። ወይም ወረዳዎቹን ቀን ለይቶ ይከፍላል፤ ኬኔማ ሐሙስ፣ ካይላሁን ዓርብ። ወይም ኩባንያው ወኪል በሞተር ሳይክል እስከ ሕክምና ማዕከሉ በር ይልካል። ግማሽ ቶኑ ወረቀት አልጠፋም ማለት ነው። በአንድ መኪና አይጫንም እንጂ፣ በትንንሽ ቦርሳ፣ በብዙ እጅ፣ ወደዚያው ይሄዳል።

ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ ለወኪሉ መልእክቱን ያሳየዋል። ምስጢር ቁጥሩን ያስገባል። ወኪሉ 10 ሺዎቹን ይቆጥራል፤ ሃምሳ ቅጠል።